ያረጀ የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ለቤት መብራት ይሆናል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሥራዬ ሶላርና ኢንቨርተር መግጠም ነው። ነዳጅ መኪና ማስገባት በ2024 (እ.ኤ.አ.) ከተከለከለ ወዲህ ስልኬ ላይ አንድ ጥያቄ በዝቷል፦ «ከመኪና የወጣ ባትሪ አግኝቻለሁ፣ ለቤቴ ይሆነኛል?» በየጊዜው የምመልሰውን እዚህ ሰብስቤዋለሁ። ምሳሌ የማደርገው የመጀመሪያውን ኒሳን ሊፍ ነው፣ ባለ 24 ኪሎዋት ሰዓቱን። መኪናው ከ2010 መጨረሻ ጀምሮ ሲሸጥ ስለኖረ ባትሪው በደንብ አርጅቷል፣ ጠባዩም ታውቋል። ሲፈታ ደግሞ እንደ መጽሐፍ የተደረደሩ 48 ሞጁሎች ይወጣሉ፣ እያንዳንዱ አራት ኪሎ የማይሞላ ነው። ለቤት ሥራ የሚመች ቅርጽ ነው።

ለመኪና ያልሆነ ባትሪ ለቤት እንዴት ይሆናል?

መኪናና ቤት ከባትሪ የሚፈልጉት ስለማይመሳሰል ነው። ሊፉ ነዳጁን ሲረገጥ (ነዳጅ የለውም፣ ግን ልማድ ነው) ሞተሩ እስከ 80 ኪሎዋት ይጠይቃል። ከ24 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ 80 ኪሎዋት መሳብ ማለት፣ እንደዚያው ቢቀጥል፣ ባትሪውን በሃያ ደቂቃ ገደማ መጨረስ ነው። ቤት ውስጥ ግን ማታ ማታ ፍሪጅ፣ አምፖል፣ ቲቪና ዋይፋይ ተደምረው ሁለት ሦስት መቶ ዋት ቢስቡ ነው። ከዚያ ባትሪ ሰባት ሞጁል ብቻ ወስደን፣ አቅሙ በሲሶ ቀንሶም እንኳ፣ ይህን ጭነት ለሰዓታት ይዞ ይቆያል። የሚያስጨንቀው ነገር የለም።

ክብደቱም አያሳስብም። መኪና ሰማንያ ኪሎሜትር ብቻ የሚወስደው ባትሪ ተሸክሞ መዞሩ ለባለቤቱ ኪሳራ ነው። ሳሎን ጥግ የተቀመጠ ሳጥን ግን የትም አይሄድም።

ሻጩ «70 በመቶ አለው» ብሎኛል። በቂ ነው?

ይህ ቁጥር ብቻውን ብዙ አይናገርም። ሦስት ነገር ይደብቃል።

መጀመሪያ፣ ቁጥሩ ከየት መጣ? ሊፍ ዳሽቦርዱ ላይ 12 መስመሮች አሉት። አንድ መስመር ሲጠፋ ሰው አንድ አሥራ ሁለተኛ የቀነሰ ይመስለዋል፣ ማለትም ስምንት በመቶ። አይደለም። የመጀመሪያዋ መስመር የምትጠፋው አቅሙ 15 በመቶ ገደማ ሲወርድ ነው፣ ከዚያ በኋላ ያሉት እያንዳንዳቸው ስድስት በመቶ ያህል ናቸው። ሦስት መስመር የጎደለው መኪና እንግዲህ 72 ወይም ከዚያ በታች ላይ ነው። ባትሪው ገና መኪናው ላይ ካለ ሁለት መቶ ሜትር መንዳትም አያስፈልግም፣ የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነብ የኦቢዲ መሰኪያ ይዛችሁ በ LeafSpy አፕ SOH የሚለውን፣ የቀረውን አቅም በመቶኛ፣ አንብቡ፣ ከሥሩም የ96ቱን ሴል ጥንዶች ቮልቴጅ እዩ።

ሁለተኛው ትልቁ ነው። 70 በመቶ አማካይ ነው፣ ባትሪ ግን በአማካይ አይሠራም። በተከታታይ የተያያዙ ሴሎች እንደ ጥማድ በሬ ናቸው፣ እርሻው የሚሄደው በደካማው ልክ ነው። አዲስ የሊፍ ሞጁል 65 አምፒር ሰዓት ያህል ነበር። ሰባት ሞጁል በተከታታይ አሰራችሁ እንበል፣ ስድስቱ 44 አምፒር ሰዓት ቀርቷቸዋል፣ አንዱ ግን 30 ላይ ነው። ያላችሁ ባትሪ ባለ 30 ነው። የስድስቱ ትርፍ አይወጣም፣ ምክንያቱም ደካማው ባዶ ሲሆን መከላከያው ሁሉንም ያጠፋዋል። ሲሶው ኃይል በአንድ ሞጁል ምክንያት ተበላ ማለት ነው።

ሦስተኛው የባትሪው ታሪክ ነው። ሊፍ ባትሪውን በፈሳሽ አያቀዘቅዝም፣ ስለዚህ ሙቀት ያረጀዋል፤ አሪዞና በረሃ ውስጥ የተነዱት ሊፎች በ2012 ነው ጉዳቱን ያሳዩት። በዚያ ላይ የሊቲየም ባትሪ አቅም መጀመሪያ ቀስ እያለ ይወርድና አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ መውረዱ ይፋጠናል፣ እንደ ገደል አፋፍ። 70 ላይ ያለ ባትሪ አፋፉ ጋ ሊሆን ይችላል፣ ገና ሩቅም ሊሆን ይችላል። ይህን የሚነግራችሁ ፈተና ብቻ ነው።

እንዴት ልፈትነው?

መልቲሜትር ብቻ ይዞ «8 ቮልት ነው፣ ጥሩ ነው» የሚል ሰው ካያችሁ አመስግናችሁ ሂዱ። ቮልቴጅ የሚናገረው ባትሪው አሁን ምን ያህል እንደተሞላ ነው። ምን ያህል እንደሚይዝ አይናገርም። የግማሽ ሊትር ጠርሙስም የአንድ ሊትር ጠርሙስም አፉ ድረስ ይሞላል።

እኔ ሦስት ነገር አደርጋለሁ። ሞጁሉን እስከ 8.2 ቮልት እሞላዋለሁ። አንድ ሞጁል ውስጥ አራት ሴሎች አሉ፣ ሁለት ሁለቱ ጎን ለጎን ሆነው ከዚያ በተከታታይ የተያያዙ ስለሆኑ፣ ይህ ለአንድ ሴል 4.1 ቮልት ነው። ትንሽ አሳርፈዋለሁ። ከዚያ በ10 አምፒር እስከ 6 ቮልት እያወረድኩ አምፒር ሰዓቱን እቆጥራለሁ። ደህና ያረጀ ሞጁል አራት ሰዓት ተኩል አካባቢ ይሄዳል። ሦስት ሰዓት ላይ ካለቀ ቁጥሩን በማርከር ጀርባው ላይ ጽፌ ወደ ሌላ ክምር እለየዋለሁ።

ቀጥሎ ጭነት ስር እንዴት እንደሚሆን አያለሁ። ቮልቴጁን ማንበብ፣ 20 አምፒር መጫን፣ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ እንደገና ማንበብ። ከ8.00 ወደ 7.90 ከወረደ፣ የ0.1 ቮልት ልዩነት ለ20 ሲካፈል 5 ሚሊኦም የውስጥ ተቃውሞ ነው። እዚህ ላይ ትክክለኛውን ቁጥር ከማሳደድ ይልቅ ከወንድሞቹ ጋር ማወዳደር ይሻላል። ሌሎቹ የሚወርዱትን እጥፍ የሚወርድ ካለ እሱ ውስጡ ታሟል፣ አቅሙ ጥሩ ቢመስልም።

ሦስተኛው ሰው የሚዘለው ነው፣ ትዕግሥት ስለሚጠይቅ። ሁሉንም እኩል ሞልቶ ሁለት ሳምንት ሳይነኩ ማስቀመጥ። ከሌሎቹ ተለይቶ በብዙ አሥር ሚሊቮልት የወረደ ሞጁል ራሱን በራሱ እያፈሰሰ ነው። ይህን ለማንም አልሰጥም፣ በነጻም ቢሆን። የውስጥ መነካካት ምልክት ሊሆን ይችላል፣ እሳትም የሚጀምረው ከዚያ ነው። ያበጠ፣ የተጨረመተ ወይም ጣፋጭ የቀለም ማሟሟቻ ዓይነት ሽታ ያለውም እንዲሁ።

ለቤቴ ስንት ሞጁል ያስፈልገኛል?

አንድ ያየሁትን ቤት ልንገራችሁ። መብራት ከአመሻሹ ጀምሮ ስድስት ሰዓት ጠፋ እንበል። ፍሪጁ እየቆመ እየተነሣ በአማካይ 60 ዋት፣ ስድስት ሰዓት 360 ዋት ሰዓት። ስድስት ባለ 10 ዋት አምፖል ለአምስት ሰዓት 300። ቲቪው 80 ዋት ለአራት ሰዓት 320። ዋይፋይና የስልክ ቻርጅ 120 ገደማ። ሰው ሁሌ የሚረሳው ደግሞ ኢንቨርተሩ ራሱ ነው፣ ምንም ሳይሠራ እንኳ 40 ዋት ይበላል፣ በስድስት ሰዓት 240። ድምሩ 1,340 ዋት ሰዓት ነው።

ሰባት ሞጁል በተከታታይ 14 ሴል ይሆናሉ፣ አማካይ ቮልቴጁ 52 አካባቢ ነው። በ44 አምፒር ሰዓት ስናባዛው 2,300 ዋት ሰዓት ይመጣል። ዕድሜው እንዲረዝም 80 በመቶውን ብቻ እንጠቀም፣ ኢንቨርተሩ ደግሞ አሥር በመቶ ያህል በሙቀት ያባክናል። በእጃችን የሚገባው 1,650 ነው። ይህ ቤት በሰባት ሞጁል ምሽቱን ይወጣል፣ ትንሽም ይተርፈዋል። አንድ ሊፍ እንግዲህ ስድስት እንዲህ ያሉ ቤቶችን ይደግፋል፣ ሁሉም ሞጁል ፈተናውን ካለፈ። እውነቱን ለመናገር ሁሉም አያልፍም።

ከሰባት በላይ ከፈለጋችሁ መጀመሪያ ሁለት ሁለቱን ጎን ለጎን አጣምሩ፣ ከዚያ ሰባቱን ጥንድ በተከታታይ እሰሩ። ጠንካራ ሞጁልን ከደካማ ጋር ማጣመር እዚህ ላይ ይሠራል፦ 48 አምፒር ሰዓት ከ40 ጋር፣ 46 ከ42 ጋር፣ ሁሉም ጥንድ 88 እንዲሆን። የተከታታዩ ሰንሰለት እኩል ሲሆን የሚባክን አይኖርም። ከማጣመራችሁ በፊት ግን ቮልቴጃቸው እኩል ይሁን፣ አለበለዚያ ሞልቶ ያለው ባዶው ላይ ይዘረገፍበታል።

እንጀራ መጋገር እችላለሁ?

ይህ ጥያቄ ሳይመጣ የቀረበት ቀን የለም። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት አካባቢ ነው። ከላይ ያለው ባለ ሰባት ሞጁል ባትሪ 1,650 ዋት ሰዓት ቢሰጥ፣ ምጣዱ በ28 ደቂቃ ይጨርሰዋል፣ ምጣዱ እስኪግል ያለውን ቀንሱና ስንት እንጀራ እንደሚቀር አስቡ። ከባትሪውም 75 አምፒር ያህል ይስባል፣ ያረጀ ባትሪ ደግሞ እንዲህ ሲሳብ ቮልቴጁ ቶሎ ይወድቅና ገና ግማሽ እያለው ኢንቨርተሩ «ባትሪ አለቀ» ብሎ ይዘጋል። አንድ ሰዓት ተኩል ለመጋገር ከሃያ በላይ ሞጁል ያስፈልጋል፣ የመኪናው ግማሽ ማለት ነው። መብራት ሲኖር ጋግሩ። ሶላር ካለ እኩለ ቀን ላይ።

ኢንቨርተሬ ባለ 48 ቮልት ነው። በቀጥታ ላገናኘው?

አይሆንም፣ መጀመሪያ መቼቱ ይቀየር። ብዙው ኢንቨርተር ከሳጥኑ ሲወጣ የተዘጋጀው ለአሲድ ባትሪ ነው። አንድ ደንበኛዬ ሞጁሎቹን ራሱ አገናኝቶ ኢንቨርተሩን እንዳለ ተወው። አሲድ ባትሪን በየተወሰነ ጊዜ ከልክ በላይ ሞልቶ የሚያስተካክለው ስልት፣ ኢኳላይዝ የሚሉት፣ በርቶ ነበር፣ 60 ቮልት ላይ። 60ን ለ14 ስታካፍሉት 4.29 ይመጣል፣ የእነዚህ ሴሎች ጣሪያ 4.2 ነው። እያንዳንዱን ሴል የሚጠብቀውን መሣሪያ፣ ቢኤምኤስ የሚሉትንም፣ አልገጠመም። ሄጄ ሳይ ሁለት ሞጁሎች እንደ ዳቦ ተነፍተዋል። እድለኛ ነው፣ እሳት አልተነሣም።

ለ14 ሴል የሊፍ ባትሪ እኔ የማስገባው ይህ ነው፣ «ዩዘር» የሚለውን የባትሪ ዓይነት መርጬ፦ መሙያ 57.4 ቮልት፣ ከሞላ በኋላ የሚያቆየው 56፣ ማጥፊያ 46.2፣ ኢኳላይዝ ጠፍቷል። ለአንድ ሴል ከ4.1 እስከ 3.3 ማለት ነው። ጥቂት አቅም ይቀራል፣ ባትሪው ግን ጥግ ድረስ ተሞልቶ ለወራት አይቆምም። መጠባበቂያ ባትሪን የሚጎዳው ዋና ነገር ይኸው ነው፣ መብራት ባልጠፋባቸው ሳምንታት ሁሉ ጢም ብሎ መቀመጥ።

ቢኤምኤስ ግዴታ ነው፣ ባለ 14 ሴል። የሊፍ ሞጁል ሦስት መያያዣ ነው ያለው፦ ፖዘቲቭ፣ ኔጌቲቭና መሐሉን የሚያሳይ። መሐለኛው ለቢኤምኤሱ ሽቦ ነው፣ በዚህ ምክንያት እያንዳንዱን የሴል ጥንድ ለየብቻ መጠበቅ ይቻላል። ሞጁሎችን ጎን ለጎን ካጣመራችሁ መሐለኞቹንም አጣምሩ።

ብሬከር አለኝ፣ የቤቱ ዓይነት። አይበቃም?

አይበቃም። የቤት መብራት በሴኮንድ መቶ ጊዜ ዜሮን ያቋርጣል፣ ብሬከሩ ሲከፈት ብልጭታው ለመጥፋት ጊዜ ያገኛል። የባትሪ ኃይል ቀጥተኛ ስለሆነ ዜሮ የሚባል የለውም፣ ብልጭታው ቀጥሎ ብሬከሩን ራሱን ያቀልጠዋል። እነዚህ ሰባት ሞጁሎች ደግሞ ሽቦ ቢነካካ በሺህ የሚቆጠር አምፒር ይለቃሉ። ለቀጥተኛ ኃይል የተሠራ ፊውዝ፣ ለ3 ኪሎዋት ኢንቨርተር 100 አምፒር፣ ከባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ በጣም በቀረበ ቦታ ይግባ።

ፓኩን፣ ማለትም የመኪናውን ሙሉ ባትሪ፣ ራሴ ልፍታው?

አትፍቱት። 96 የሴል ጥንዶች በተከታታይ ሲሞሉ 400 ቮልት ቀጥተኛ ኃይል ናቸው። አገልግሎት መሰኪያው ሲነቀል ሰንሰለቱ መሐል ላይ ይቆረጣል እንጂ አይሞትም፤ በእያንዳንዱ ግማሽ 200 ቮልት ያህል ተቀምጧል። ለ1,000 ቮልት የተፈተነ ጓንት፣ የተሸፈነ መፍቻና አጠገቡ የሚቆም ሁለተኛ ሰው የሌለው ቦታ ላይ አይከፈትም። ቀለበትና ሰዓት አስቀድሞ ይወልቃል። ሞጁሎቹ ወጥተው ስምንት ስምንት ቮልት ከሆኑ በኋላ ግን ጥንቃቄ የሚያውቅ ኤሌክትሪሺያን ሊሠራባቸው ይችላል።

ሞጁሎቹ ሲደረደሩ ደግሞ ልቅ አይሁኑ። ውስጣቸው ያሉት ሴሎች ከረጢት መሰል ናቸው፣ ሲሞሉና ሲራገፉ ይነፋሉ፣ ይጎድላሉ። በሁለት ወፍራም ሳህን መሐል አድርጎ በማዕዘን ቀዳዳዎቹ በረጅም ቡሎን ማጥበቅ፣ መኪናው ውስጥም እንዲያ ነበሩ።

አዲስ አበባ ያሉት ሊፍ አይደሉም እኮ። የቢዋይዲ ወይም የቮልስዋገን አይዲ.4 ባትሪስ?

ትክክል ነው፣ መንገድ ላይ የሚበዙት ሌሎች ናቸው። በአብዛኛው ገና አዲስ ስለሆኑም አርጅቶ የወጣ ባትሪያቸው ብርቅ ነው። ስለዚህ እንደዚህ ያለ ባትሪ በርካሽ ሲቀርብላችሁ መጀመሪያ የምትጠይቁት «ምን ሆኖ ወጣ?» ነው። ከተጋጨ መኪና ከሆነ ወይም ውኃ ከገባበት አቅሙ 95 በመቶ ቢሆንም እኔ ቤት ውስጥ አላስገባውም። የተመታ ሴል ሳምንት ደህና ሰንብቶ እሳት ሊነሣበት ይችላል።

የቢዋይዲ ብሌድ ባትሪ ሊቲየም አይረን ፎስፌት ነው፣ እሳትን በተሻለ ይችላል፣ ለቤትም ኬሚስትሪው ይመቻል፣ 16 ሴል ለ48 ቮልት ኢንቨርተር ልክ ነው። ችግሩ አፈታቱ ነው። ሴሎቹ አንድ ሜትር ገደማ ርዝመት ያላቸው ምላጮች ናቸው፣ ሞጁል የሚባል ነገር የለም፣ ፓኩ ውስጥ በማጣበቂያ ተጣብቀዋል። ሲላቀቁ ይታጠፋሉ። የቮልስዋገን ሞጁሎች በተቃራኒው ይወጣሉ፣ ግን ቁጥራቸው አይገጥምም። ባለ 8 ሴሉን አንድ ብታደርጉት 30 ቮልት አካባቢ ነው፣ ሁለት ስታደርጉት ሲሞላ 67 ይደርሳል፣ ብዙው ባለ 48 ኢንቨርተር ደግሞ ከ60 ቮልት በላይ አይችልም።

ሌላ አገር ሳይፈቱት ይጠቀማሉ ይባላል፣ እውነት ነው?

እውነት ነው፣ ግን በትልቅ ደረጃ። ካሊፎርኒያ ላንካስተር ውስጥ ቢቱዩ የሚባለው ኩባንያ የሆንዳና የኒሳን ፓኮችን ሙሉ እንደሆኑ በመደርደሪያ ደርድሮ፣ ቀን የሶላር ኃይል እየሞላ ማታ ለኤሌክትሪክ መስመሩ ይሸጣል። የየፓኩ የራሱ ቢኤምኤስ እንዳለ ይሠራል፣ የደከመ ካለ ያ ፓክ ብቻ ይነጠላል። ጃፓን ደግሞ ኒሳንና ሱሚቶሞ ያቋቋሙት ፎርአር ኢነርጂ በ2018 ናሚዬ ከተማ፣ ፉኩሺማ ውስጥ፣ የሊፍ ባትሪ የሚፈትሽ ፋብሪካ ከፍቷል። ሞጁሎቹን በደረጃ ይለያል፦ የተሻሉት ወደ መኪና ይመለሳሉ፣ መካከለኞቹ ወደ ፎርክሊፍትና ትልልቅ ማከማቻ ይሄዳሉ፣ የመጨረሻዎቹ ለመጠባበቂያ መብራት። እኛ ቤት ልንሠራው የምንሞክረው ያንን ሦስተኛ ደረጃ ነው።

የ400 ቮልቱን ፓክ ሙሉ አድርጎ ለመኖሪያ ቤት ማዋል ግን ሌላ ነው። ከመኪናው ኮምፒውተር ጋር የሚነጋገርበትን ቋንቋ የሚያውቅ መሣሪያ ካልተገኘ ውስጡ ያሉት ኮንታክተሮች፣ ኃይሉን የሚያገናኙት ማብሪያዎች፣ እንኳ አይገናኙም።

ዋጋው ያዋጣል?

በኪሎ አትግዙ፣ በፓክም አትግዙ። የተጠየቀውን ብር በተፈተነ አቅም አካፍሉ፣ በመጀመሪያው ሳይሆን አሁን ባለው። 2.3 ኪሎዋት ሰዓት የቀረው ባትሪ 3.5 ተብሎ ሲሸጥ አይቻለሁ። ከዚያ ቢኤምኤስ፣ ፊውዝ፣ ሳጥንና የፈተና ሥራ ጨምሩ። በዚህ ስሌት አንዱ ኪሎዋት ሰዓት ከአዲስ ፎስፌት ባትሪ ግማሽ ዋጋ በላይ ከወጣ እኔ አዲሱን ነው የምመክረው፣ ዋስትናም አለው።

የት ላስቀምጠው?

መኝታ ቤት አይሆንም፣ ደረጃ ሥርም አይሆንም፣ መውጫ በር አጠገብም አይሆንም። ግቢ ውስጥ ጥላ ያለው፣ ነፋስ የሚያገኘው፣ ከብረት ሳጥንና ከብሎኬት ግድግዳ ጋር። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ጸሐይ የሚመታው ቆጥ ላይ ያስቀመጡት ሰዎች በአንድ በጋ ያረጁታል፣ ድሬዳዋ ወይም ሰመራ ከሆነ ደግሞ ገና በጊዜ።

መቼ ነው በቃው የምለው?

ቢኤምኤሱ በብሉቱዝ የሴሎቹን ቮልቴጅ ያሳያል። በወር አንዴ፣ ባትሪው ወደ ማለቂያው ሲጠጋ፣ ከፍተኛውንና ዝቅተኛውን ጻፉ። ልዩነቱ 30 ሚሊቮልት የነበረው 60፣ ከዚያ 150 እያለ ከሄደ፣ ሁሌ ዝቅ የሚለውም ያው አንዱ ቁጥር ከሆነ፣ ያንን ሞጁል ብቻ ቀይሩት። ለዚህ ነው ስትገዙ ሰባት ሳይሆን ዘጠኝ የምላችሁ፣ ሁለቱ ግማሽ ተሞልተው ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጡ።